አንድ መስመር በመልስ ወረቀት ላይ፦ የፈተና ኩረጃ ደንብ፣ ማስረጃውና ቅጣቱ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሴኔት ሕግጋት ውስጥ ስለ ፈተና ኩረጃ የተጻፉት አንቀጾች በዝርዝራቸው ቢለያዩም በአወቃቀራቸው ይመሳሰላሉ። ነጥብ በሚያዝበት ምዘና ላይ ተማሪው ከሌላ ሰው መልስ እንዳይቀበል፣ ለሌላ ሰው መልስ እንዳይሰጥ፣ ያልተፈቀደ ወረቀትም ሆነ ስልክ ይዞ እንዳይገባ፣ በሌላ ሰው ስም እንዳይፈተን ይከለክላሉ። ይህን የጣሰ ተማሪ የፈተናው ነጥብ ሊሰረዝበት፣ በትምህርቱ ኤፍ ሊመዘገብበት፣ ለተወሰነ ጊዜ ከትምህርት ሊታገድ፣ ጥፋቱ ከባድ ከሆነ ወይም ከተደጋገመ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሊሰናበት እንደሚችል ይደነግጋሉ። ሰጪና ተቀባይ እኩል አጥፊዎች ናቸው የሚለው መርሕም የተለመደ ነው።

ስለዚህ ደንቡ የላላ ነው ማለት አይቻልም። ችግሩ ያለው ደንቡ ከሚጀምርበት ቦታ ቀደም ብሎ ነው። ቅጣቱ የሚወሰነው በኮሚቴ ፊት ሲሆን፣ ኮሚቴው የሚያየው ግን ፈታኙ በፈተናው ሰዓት የጻፈውን ብቻ ነው። ያ ጽሑፍ ደካማ ከሆነ ከሁለት አንዱ ይከተላል፤ ወይ ጥፋተኛው በነጻ ይሄዳል፣ ወይ ቅጣቱ በማይገባው ሰው ላይ ያርፋል። በአንድ የፈተና ክፍል ውስጥ በሁለት ሰዎች መካከል የሚፈጸመው ተራ ኩረጃ ይህን ክፍተት ከማንኛውም ጉዳይ በተሻለ ያሳያል።

ከአገር አቀፉ ፈተና የተገኘ ትምህርት

ማስረጃ በግለሰብ ደረጃ ሳይያዝ ሲቀር ምን እንደሚሆን አገሪቱ በሰፊው አይታዋለች። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና በማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች አስቀድሞ ተለቀቀ። መልሱን ማን አገኘ፣ ማን አላገኘም የሚለውን መለየት የሚቻልበት መንገድ ስላልነበረ ፈተናው ለሁሉም ተሰረዘ፤ በሐምሌ ወር እንደገና ተሰጠ፤ በዚያን ጊዜም የማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች አገልግሎት ተዘግቶ ነበር። አንድም ጥያቄ አስቀድሞ ያላየ ተማሪ መልሱን በስልኩ ከተቀበለው ተማሪ እኩል ፈተናውን ደገመ።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የተወሰደው እርምጃ ሌላ ዓይነት ነበር። ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ተደረገ። ተማሪዎች ስልክ ሳይዙ ገብተው በግቢው እያደሩ ተፈተኑ፤ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ከመፈተኛ ቦታዎቹ አንዱ ነበር። ውጤቱ ሲገለጽ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 29,909 ተማሪዎች፣ ማለትም ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ሆኑ። የቁጥሩ ማነስ ብዙ ምክንያቶች ያሉት ቢሆንም፣ ከዚያ ቀደም የነበረው ውጤት ምን ያህሉ የተማሪው የራሱ እንደነበረ በግልጽ አጠያይቋል።

ሁለቱም እርምጃዎች አንድ ባሕርይ አላቸው። ፈተናውን በጅምላ ይጠብቃሉ እንጂ አንድን ተማሪ ከሌላው አይለዩም። ለአገር አቀፍ ፈተና ይህ ምናልባት የማይቀር ይሆናል። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሚሰጥ የኮርስ ፈተና ግን ማጥሪያው አጥር ሳይሆን የግለሰብ ማስረጃ ነው። 30 ተማሪ ባለበት ክፍል ሁለት ሰው ተጠርጥሮ ፈተናውን ለ30ውም መሰረዝ ፍትሕ አይሆንም፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲው ከተፈታኙ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝ ፈታኝ አለው፤ ፈታኙም ብዙውን ጊዜ ረዳት መምህር ወይም የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው።

የደቻቱ ጎረቤታሞች

ነገሩን ለማጥራት አንድ ምናባዊ ጉዳይ መከተል ይጠቅማል። የቅዳሜና እሑድ የማስተርስ ተማሪዎች የሆኑ ሁለት ጎረቤታሞች በድሬዳዋ፣ በደቻቱ ሰፈር ይኖራሉ እንበል። አንደኛው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ሌላው የባንክ ሠራተኛ ነው። የባንክ ሠራተኛው በሥራ ምክንያት ብዙ ክፍለ ጊዜ ያመልጠዋል፤ ስለዚህ የመምህሩን ደብተር ኮፒ ያደርጋል፤ ማታ ማታም አብረው ያጠናሉ። ይህ ሁሉ የተፈቀደ፣ እንዲያውም ሲበረታታ የኖረ ነገር ነው። በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ለዓመታት ተማሪዎች በአንድ ለአምስት ተደራጅተው እንዲረዳዱ ሲደረግ ቆይቷል። የደንቡ ወሰን ያለው መረዳዳቱ ላይ አይደለም፤ ወሰኑ ነጥብ የሚያዝበት ሥራ የራስ ብቻ እንዲሆን ከታዘዘበት ቅጽበት ይጀምራል።

የምርምር ዘዴ ኮርስ ማጠቃለያ ፈተና ደረሰ። 30 ተማሪዎች ተፈተኑ፤ ጥያቄዎቹ 40 ሲሆኑ እያንዳንዳቸው አራት አማራጭ አላቸው። ፈተናው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተጀምሮ 5 ሰዓት ላይ ያበቃል። ሁለቱ ጎረቤታሞች ጎን ለጎን ተቀመጡ። በመካከሉ ፈታኙ የባንክ ሠራተኛውን ሁለት ጊዜ ወደ ጎን ሲመለከት አየውና «አንገትህን መልስ» ብሎ ገሠጸው፤ ሌላ ምንም አልጻፈም። ከአራት ቀን በኋላ የኮርሱ መምህር ወረቀቶቹን ሲያርም ሁለቱ በ8 ጥያቄዎች ላይ አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ መስጠታቸውን አስተዋለ። ፈታኙን ጠየቀው፤ ፈታኙም «ሲኮራረጁ ነበር» ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ሰጠው። ጉዳዩ በትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በኩል ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀረበ፤ ለሁለቱም ኤፍ እንዲሰጥ ተጠየቀ።

ኮሚቴው ቢሰበሰብም ሊጠይቅ የሚገባውን አንዱንም መመለስ አይችልም። ከማን ወደ ማን ተቀዳ? በየትኛው ጥያቄ ላይ? መምህሩ ወረቀቱ እየታየ መሆኑን ያውቅ ነበርን? ተማሪዎቹ ደግሞ ጠንካራ መከላከያ አላቸው፤ «ከአንድ ደብተር ነው ያጠናነው፤ ደብተሩ የተሳሳተበትን እኛም ተሳሳትን» ይላሉ።

የጋራ ስሕተት ምን ያህል ይመሰክራል?

የሁለት ተፈታኞችን ስሕተት በማነጻጸር ኩረጃን መፈለግ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ቻርልስ በርድ በ1927 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ዘዴ አቅርቦ ነበር፤ ዊልያም አንጎፍ በ1974 እ.ኤ.አ. የተለያዩ መለኪያዎችን አነጻጽሯል፤ ከዚያ በኋላም የተሻሻሉ ስሌቶች መጥተዋል። የሁሉም መነሻ አንድ ነው። ትክክለኛው መልስ አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለት ጎበዝ ተማሪዎች በትክክለኛ መልሶች ቢመሳሰሉ አይደንቅም፤ የተሳሳቱት አማራጮች ግን ብዙ ስለሆኑ በስሕተት መመሳሰል ጥያቄ ያስነሣል።

ጥያቄው ምን ያህል እንደሚያስደንቅ ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት የተሳሳቱ አማራጮች አሉ። ሦስቱም ለተሳሳተ ተማሪ እኩል ማራኪ ቢሆኑ ኖሮ፣ ሁለት ተማሪዎች አንድ ጥያቄ በስተው አንድ አማራጭ ላይ የሚገጥሙበት ዕድል ከሦስት አንድ ይሆን ነበር። በ8 ጥያቄ ላይ በተከታታይ ለመግጠም ያለው ዕድል ደግሞ ከ6,561 አንድ ነው። ይህን ቁጥር የሰማ ኮሚቴ ወዲያው ለመፍረድ ይቸኩላል።

ነገር ግን አሳሳች አማራጮች እኩል አይማርኩም። ጥሩ ፈታኝ መምህር ሆን ብሎ ተማሪዎች በብዛት የሚስቱበትን አማራጭ ያስቀምጣል። ከሚሳሳቱት ውስጥ 70 በመቶው አንዱን አማራጭ፣ 15 በመቶው ሁለተኛውን፣ 15 በመቶው ሦስተኛውን ይመርጣሉ እንበል። ያን ጊዜ ሁለት የሳቱ ተማሪዎች የሚገጥሙበት ዕድል ከግማሽ ይበልጣል፤ 0.535 ነው። በ8 ጥያቄ ላይ የመግጠም ዕድሉም ከ6,561 አንድ መሆኑ ቀርቶ ከ149 አንድ ገደማ ይሆናል። የፈተናው ባሕርይ ብቻ ማስረጃውን ከ40 እጥፍ በላይ አቀለለው።

ሌላም ነገር አለ። በ30 ተማሪዎች መካከል ሊነጻጸሩ የሚችሉ 435 ጥንዶች አሉ። ከእነዚህ 100ዎቹ ብቻ 8 ጥያቄዎችን በጋራ ስተዋል ቢባል፣ ማንም ከማንም ሳይኮርጅ ቢያንስ አንድ ጥንድ በ8ቱም ላይ የመግጠሙ ዕድል ወደ ግማሽ ይጠጋል። መምህሩ ወረቀቶችን እያገላበጠ ተመሳሳይ ጥንድ ቢፈልግ ማግኘቱ አያስደንቅም ማለት ነው። በዚህ ላይ ሁለቱ ከአንድ ደብተር ማጥናታቸው ሲጨመር፣ ስሕተታቸው የመመሳሰሉ ዕድል ከዚህም ይበልጥ ይጨምራል።

ይህ ማለት ስሌቱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ስሌቱ አንድን ጉዳይ ለመክፈት በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ለመዝጋት ግን አይበቃም። ደግሞም ሁለት ወረቀቶች መመሳሰላቸውን እንጂ ከሁለቱ የትኛው የሌላው ቅጂ እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ በስሌት ብቻ የተመሠረተ ክስ በባሕርዩ ሁለቱንም ከመቅጣት ወይም ሁለቱንም ከመልቀቅ ሌላ መንገድ የለውም።

አንድ መስመርና አንድ ወንበር

አሁን ያንኑ ጠዋት እንደገና እናስበው፤ ፈታኙ ብቻ የተለየ ሥራ ይሥራ። የባንክ ሠራተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመለከት ፈታኙ ቀረብ ብሎ በዝምታ ያስጠነቅቀዋል። ለሁለተኛ ጊዜ ሲያየው ሰዓቱን ይመለከታል፤ 3፡50 ነው። ወደ ተማሪው ሄዶ በመልስ ወረቀቱ ላይ እስከዚያ የተመለሰው የመጨረሻ ጥያቄ ሥር በቀይ እስክሪብቶ መስመር ያሰምራል፤ ከመስመሩ አጠገብ ሰዓቱን ጽፎ ይፈርማል። በመምህሩ ወረቀት ላይም እንዲሁ ያደርጋል። ከዚያ የባንክ ሠራተኛውን ከፊተኛው ረድፍ ወዳለ ባዶ ወንበር ያዛውረዋል። ፈተናውን አያስቆምበትም፤ ወረቀቱንም አይቀማውም። ጥፋተኛ መሆኑ ገና አልተወሰነምና፣ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ የሚመለስለት ፈተና ሊኖረው ይገባል።

ፈተናው ሲያልቅ ፈታኙ የሁለቱንም የጥያቄ ወረቀት ከመልስ ወረቀታቸው ጋር አያይዞ ይይዛል። ከክፍሉ ሳይወጣም ግማሽ ገጽ ይጽፋል። በጽሑፉ ላይ የሁለቱ የመቀመጫ ቦታ፣ የታየው ድርጊት፣ ሰዓቱ፣ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ፣ ዝውውሩ፣ ሁለተኛው ፈታኝም ያየው እንደሆነ ይሰፍራል። «ሲኮራረጁ ነበር» አይልም፤ ይህ ድምዳሜ ነውና። «ራሱን ወደ ግራ አዙሮ የጎረቤቱን ወረቀት ለጥቂት ሰከንዶች ተመለከተ፤ ወዲያውም በመልስ ወረቀቱ ላይ ጻፈ» ይላል። ድምዳሜው የኮሚቴው ሥራ ነው።

ወረቀቶቹ ሲታረሙ መስመሩ መናገር ይጀምራል። መስመሩ ያረፈው ከጥያቄ 22 ሥር ነበር እንበል። ከ8ቱ ተመሳሳይ ስሕተቶች 7ቱ ከመስመሩ በላይ ናቸው። ከመስመሩ በታች ባሉት 18 ጥያቄዎች የባንክ ሠራተኛው 6 ስቷል፣ መምህሩ 3 ስቷል፤ የገጠሙት ግን በአንድ ብቻ ነው። «ከአንድ ደብተር አጥንተናል» የሚለው መከላከያ እዚህ ላይ ይፈተናል። ደብተሩ ከመስመሩ በላይም በታችም አንድ ደብተር ነው፤ መመሳሰሉ ከደብተሩ የመጣ ቢሆን ኖሮ ከዝውውሩ በኋላም በቀጠለ ነበር። በዝውውሩ የተቋረጠው መተያየቱ ብቻ ነው።

በእርግጥ ይህም የራሱ ድክመት አለው። ከመስመሩ በታች ያሉት ጥያቄዎች ይበልጥ ከባድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የተዛወረ ተማሪም ይደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ የሚያውቀውን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ኮሚቴው በሌላ ምልክት ያመሳክረዋል። ከሁሉ የሚጠቅመው የጥያቄ ወረቀቱ ነው። በመምህሩ የጥያቄ ወረቀት ዳር ላይ ስሌቶች አሉ፤ የተሳሳተው መልስ ከየትኛው የስሌት ስሕተት እንደመጣ ይታያል። በባንክ ሠራተኛው ወረቀት ዳር ላይ ግን ያው የተሳሳተ መልስ ያለ አንዳች ስሌት ተመርጧል፤ በሦስት ቦታም ቀድሞ የተመረጠ ሌላ መልስ ተሰርዞ በዚያው ተተክቷል። ከሰባቱ ተመሳሳይ ስሕተቶች ጋር ተደምሮ ይህ አቅጣጫን ያሳያል፤ መልሱ ከመምህሩ ወደ ባንክ ሠራተኛው ሄደ እንጂ ወደ ኋላ አልተመለሰም።

የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል የተለያየ ሁለት ዓይነት ወረቀት ተዘጋጅቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይበልጥ ይቀል ነበር። አንድ ተማሪ በራሱ ወረቀት ትርጉም የሌላቸውን፣ በጎረቤቱ ወረቀት ግን በትክክል የሚገጥሙ መልሶች በተከታታይ ከጻፈ፣ ይህን በአንድ ደብተር ማስረዳት አይቻልም። ለብዙ የትምህርት ክፍሎች የሁለት ዓይነት ወረቀት ወጪው ጥቂት ገጽ ብቻ ነው።

ሰጪው መቼ አጥፊ ይሆናል?

ሰጪና ተቀባይ እኩል ናቸው የሚለው መርሕ ትክክለኛ መነሻ አለው። መልስ የሚያቀብል ተማሪ ባይኖር ተቀባይም ባልኖረ ነበር። ሆኖም «ሰጠ» የሚለው ቃል ማወቅንና መፍቀድን ይጠይቃል። ወረቀቱን በእጁ ሳይከልል የተቀመጠ ሰው መልስ ሰጥቷል ሊባል አይገባም፤ ደንቡ ተማሪው እንዳይኮርጅ እንጂ ጎረቤቱን እንዲጠብቅ አላዘዘውም። ወረቀቱን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ የገፋ፣ በምልክት የነገረ፣ በመሰረዣ ላይ ጽፎ ያቀበለ ግን ሰጥቷል። በደቻቱ ጎረቤታሞች ጉዳይ በፈታኙ ግማሽ ገጽ ላይ መምህሩን የሚመለከት ድርጊት አልተጻፈም። በሁለቱ መካከል ያለው ወዳጅነት ጥርጣሬ ሊያስነሣ ይችላል፤ ወዳጅነት ግን ድርጊት አይደለም። መምህሩ ሊለቀቅ ይገባል። በመጀመሪያው አካሄድ ግን ኤፍ ሊጻፍበት ተቃርቦ ነበር።

ኤፍ ለሁሉም አንድ አይደለም

የባንክ ሠራተኛው ጥፋተኛ ሆኖ ተገኘ እንበል። የቀረው ጥያቄ ቅጣቱ ነው። ኤፍ ለሁሉም እኩል ስለሚመስል ኮሚቴዎች ይመርጡታል። ስሌቱ ግን ሌላ ይናገራል።

የማስተርስ ተማሪ ለመመረቅ ጠቅላላ አማካይ ነጥቡ ቢያንስ 3.00 ሊሆን ይገባል። በሴሚስተሩ እኩል ክሬዲት ያላቸው አራት ኮርሶች አሉ እንበል። በሁሉም ኤ ሊያገኝ የነበረ ተማሪ በአንዱ ኤፍ ቢጻፍበት፣ አማካዩ ከ4.00 ወርዶ 3.00 ይሆናል፤ ኮርሱን ከመድገም በቀር ምንም አይነካውም። በሁሉም ቢ ፕላስ ሊያገኝ የነበረው ከ3.50 ወደ 2.63 ይወርዳል፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር 3.38 ገደማ አማካይ ካመጣ ይመለሳል። በሁሉም ቢ ሊያገኝ የነበረው ግን ከ3.00 ወደ 2.25 ይወድቃል። ኮርሱን ደግሞ ውጤቱን እስኪተካ ድረስ ለመትረፍ በሚቀጥሉት አራት ኮርሶች በሁሉም ኤ ማይነስ ማምጣት አለበት፤ ይህ ደግሞ እስከዚያ ድረስ አንድም ጊዜ ያላገኘው ውጤት ነው።

ሦስቱ ተማሪዎች የፈጸሙት ድርጊት አንድ ነው። የተጻፈባቸው ፊደልም አንድ ነው። አንደኛው ግን ኮርስ ደገመ፤ ሁለተኛው በስጋት አንድ ሴሚስተር አሳለፈ፤ ሦስተኛው በሬጅስትራር በኩል ከትምህርት ሊሰናበት ይችላል። ማሰናበቱን ኮሚቴው አልወሰነም፤ ስለ ስንብቱ የተጻፈ ምክንያትም ሆነ ይግባኝ የሚባልበት ውሳኔ የለም። በፈተና ክፍል ለመኮረጅ የሚገፋፋው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው ዓይነት ተማሪ ነው። ስለዚህ ኤፍ ጥፋትን ሳይሆን የተማሪውን የቀድሞ ውጤት የሚመዝን ቅጣት ሆኖ ይቀራል።

ኤፍ ሌላም ችግር አለው። ይህ ፊደል ተማሪው ትምህርቱን አለማወቁን የሚናገር የውጤት ምልክት ነው፤ ትራንስክሪፕቱን የሚያነብ ሰው ተማሪው ወድቆ ይሁን ኮርጆ አይለይም። ጎበዙ ኮራጅ በዝምታ ያልፋል፤ በሐቀኝነት የወደቀው ደግሞ ከኮራጁ ጋር አንድ ምልክት ይጋራል። ቅጣትንና ውጤትን መለየት የተሻለ መንገድ ነው። የተኮረጀው ፈተና ነጥብ ዜሮ ይሁን፤ ምክንያቱም ያ ነጥብ የተማሪው አይደለም። ከዚያ በላይ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያም ሆነ እገዳ ደግሞ በራሱ ስም፣ በራሱ ውሳኔ፣ ለሁሉም በአንድ መለኪያ ይወሰን። ዜሮው ራሱ ኮርሱን የሚያስወድቅ ከሆነ ኮሚቴው ከመፈረሙ በፊት ሬጅስትራሩን ጠይቆ የውሳኔው መጨረሻ ምን እንደሆነ በቃለ ጉባኤው ላይ ያስፍር። ተማሪውን እያሰናበተ መሆኑን የማያውቅ ኮሚቴ ፈረደ ሊባል አይችልም።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ለኮራጅ መራራት አድርገው ይመለከቱታል። መምህራን ጉዳዩን ወደ ኮሚቴ ከመውሰድ ይልቅ በራሳቸው ነጥብ ቀንሰው ቢጨርሱት ይቀላል፣ ፎርም መሙላት ፈታኙን ያሰለቻል፣ ሂደት ሲረዝም ኩረጃ ይበዛል ይላሉ። ስጋቱ እውነት አለው። ግን መምህሩ በግሉ የሚቀንሰው ነጥብ የማይታይ ቅጣት ነው፤ ተማሪው በሌላ ኮርስ ዳግመኛ ቢያዝ መዝገቡ ባዶ ነውና ለተደጋጋሚ ጥፋት የተቀመጠው ከባድ ቅጣት ፈጽሞ አይደርስበትም። ሂደቱን የሚያረዝመውም ማስረጃ ማጣት እንጂ ማስረጃ መያዝ አይደለም። የተፈረመበት መስመር፣ ግማሽ ገጽ ጽሑፍና የተያያዘ የጥያቄ ወረቀት ይዞ የቀረበ ጉዳይ በአንድ ስብሰባ ያልቃል፤ «ሲኮራረጁ ነበር» ብሎ የመጣ ጉዳይ ግን በይግባኝ ወራት ይፈጃል፤ በመጨረሻም ብዙውን ጊዜ ይፈርሳል። የፈረሰ ክስ ደግሞ ለክፍሉ ሁሉ የሚያስተላልፈው መልእክት ግልጽ ነው።

የከባድ ቅጣት መኖር ብቻ ኩረጃን አያስቆምም። ተማሪው የሚመዝነው በሕጉ ላይ የተጻፈውን የቅጣት ዓመት ሳይሆን በዚያ ጠዋት፣ በዚያ ወንበር ላይ የመያዝና በማስረጃ የመረጋገጥ ዕድሉን ነው። ይህንን ዕድል የሚወስነው ሴኔቱ አይደለም፤ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ በረድፎቹ መካከል የሚመላለሰው ፈታኝ ነው። ሴኔቶች በቀጣይ የፈተና መመሪያቸውን ሲያሻሽሉ ተጨማሪ የቅጣት አንቀጽ ከማከል ይልቅ ለፈታኙ የሚሰጥ አንድ ገጽ ፎርም ቢጨምሩ፣ በሥራ ላይ ያልዋሉት የነባሩ ደንብ አንቀጾች ሥራ ይጀምራሉ፤ የደቻቱው መምህርም ባላጠፋው ጥፋት ከጎረቤቱ ጋር አይቀጣም።